«ከየት መጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዥ የሚጻፍ የቡና ታሪክ

ከኢትዮጵያ ቡና የሚገዛ የውጭ ነጋዴ የላኪ ድርጅት መግለጫ ሲከፍት ምን እንደሚያነብ አስቀድሞ ያውቀዋል። ካልዲና ፍየሎቹ አሉ። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካው አለ። «የቡና መገኛ ከሆነችው ምድር» የሚል ዓረፍተ ነገር የግድ ይኖራል። ከጎኑ ደግሞ ቀይ እሸት በመዳፏ ይዛ ፈገግ ያለች ሴት ፎቶግራፍ አለ።

አብዛኛው ውሸት አይደለም። ችግሩ ሁሉም ላኪ ይህንኑ ማለት መቻሉ ነው። ከጅማ የላከውም፣ ከሐረር የላከውም፣ ምንነቱ የማይታወቅ ቅልቅል የላከውም ያንኑ ገጽ ያትማል። የካልዲ ተረት እንኳን አመጣጡ ሲመረመር ብዙ አያኮራም። መንጋው ቡና በልቶ ስላስቸገረው እረኛ የሚተርከውን ታሪክ መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ ያስተምር የነበረ ፋውስቶ ናይሮኒ የሚባል ማሮናዊ ሊቅ ነው። በእሱ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፤ «ካልዲ» የመጣው በኋላ ነው። ገዥው ይህን ሊያውቅም ላያውቅም ይችላል፤ ተረቱን ግን መቶ ጊዜ አንብቦታል።

እንግዲህ መርካቶ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ቡና ቆልቶና አሽጎ ወደ ውጭ መላክ የሚፈልግ አንድ የኅብረት ሥራ ማህበር አለ እንበል። አባላቱ ቡና ቆዮች ናቸው፤ አንድ መቁያ ማሽንና ትንሽ መጋዘን አላቸው። ለገዥ የሚላክ የአንድ ገጽ ታሪክ ያስፈልጋቸዋል። ምን ይጻፉ?

መጀመሪያ መርካቶ ራሱ የሚያመጣውን ጣጣ እንይ። ቡና ሻጮቹ ጋ ሲሄዱ ጆንያዎቹ አፋቸው ወደ ውጭ ተጠቅልሎ ተደርድረው ይቆማሉ። ስማቸውም ይነገራል፦ ይሄ ሲዳማ፣ ያ ይርጋጨፌ፣ ይሄኛው ሐረር፣ ወዲያ ያለው ለቀምት። ዓይኑ የለመደ ሰው ፍሬውን እፍኝ አድርጎ አይቶ አንዳንድ ነገር ይለያል። ረዘም፣ ቢጫ መሰል ያለው ደረቅ ሐረር ከአረንጓዴ ግራጫው የታጠበ ሲዳማ ጋር አይምታታበትም። ከዚያ በላይ ግን ዓይን አይሄድም። የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ የስንት ዓ.ም. ምርት የሚለውን ፍሬው አይናገርም። ሻጩም የሚናገረው ካመጣለት ሰው የሰማውን ነው፤ ያመጣለትም እንዲሁ ከሌላ የሰማውን።

ሌላም አለ። ሕጉ ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ ሲከለክል ኖሯል። በአሠራሩ ጥሩው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ከማዘጋጃ ድርጅቶች የወደቀውና ደረጃ ያልሞላው ደግሞ ለእኛው ሲኒ ይቀራል። ስለዚህ መርካቶ ላይ ከጆንያ በኪሎ የተገዛ ቡና ሁለት ነገር ይጎድለዋል፦ የወረቀት ዱካ፣ ብዙ ጊዜም ደረጃው ራሱ። ደረጃው ጥሩ ሆኖ ከተገኘም እንዴት ወደዚህ እንደመጣ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ማህበሩ ከሰፈሩ ገበያ ገዝቶ «ይርጋጨፌ» ብሎ ቢልክ ገዥው የሚጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ መመለስ አይችልም።

ታዲያ የት ይግዛ? መልሱ ባለፉት ዓመታት ተለዋውጧል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 የቡናን ግብይት ወደዚያ ሲመራው፣ ከአቅራቢ የመጣው ቡና ዲላ፣ ሐዋሳ ወይም ጅማ መጋዘን ገብቶ ናሙና ይወሰድበት፣ ይቀመስ፣ በአካባቢና በደረጃ ይመደብ ጀመር። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ፣ 60ው ለሲኒው ጣዕም ይሰጥ ነበር። ይህ ለጥራትና ለክፍያ ፍትሐዊነት ጠቅሟል። አቅራቢው የክፍያ ዋስትና፣ ነጋዴውም የታወቀ ዋጋ አግኝቶበታል። ነገር ግን ቡናው ከተመደበ በኋላ ማንነቱ እዚያው ይቀር ነበር። ላኪው የሚገዛው «የዚህ አካባቢ፣ ይህ ደረጃ» የሚል መደብ ነበር፤ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንዳጠበው አያውቅም ነበር። በልዩ ጣዕም የሚነግዱ የውጭ ገዥዎች በዚያን ጊዜ ያማረሩት በዚህ ነው። ከዚህ አሠራር ውጭ በቀጥታ መሸጥ ይችሉ የነበሩት በዋናነት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ናቸው፤ ኦሮሚያ፣ ሲዳማ፣ ይርጋጨፌ፣ ካፋ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ በሩ ሰፍቷል፤ አምራችና ላኪ በቀጥታ መተሳሰር፣ የቡናውንም ማንነት እስከ መርከቡ ይዞ መሄድ ችለዋል።

ለቆዮቹ ማህበር ከሁሉም የሚቀርበው ከዩኒየን መግዛት ይመስለኛል። ዩኒየኑ ሥሩ ያሉ መሠረታዊ ማህበራትን በስም ያውቃል። ገበሬው እሸት ሲያስረክብ ይመዘገባል፤ ከማጠቢያው የወጣው ቡናም የዕጣ ቁጥር አለው። የይርጋጨፌ ዩኒየን አባላት የሆኑት ኮንጋ፣ አዳዶ፣ ሐማ ገዥዎች ዘንድ በስማቸው የታወቁት በዚህ መንገድ ነው። ለአንድ አነስተኛ ቆይ ዋናው ችግር ዩኒየን በጅምላ መሸጥ መልመዱ ነው። ኮንቴነር ሙሉ ለሚወስድ የውጭ ገዥ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሃያ ጆንያ ብቻ የሚፈልገው ተራ መጠበቅ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ስለ ስሞቹ ባለቤትነት ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት «ሲዳሞ»፣ «ሐረር»ና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡለት ለአሜሪካ ፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተ። ስታርባክስ ከዚያ ቀድሞ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት አመልክቶ ነበር፤ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ። ይርጋጨፌ አለፈ፤ የሁለቱ ጉዳይ ግን ተጓተተ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በመጨረሻም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ፤ ሲዳሞና ሐረርም ኋላ ተመዘገቡ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት መንገድ ለየት ያለ ነበር፦ የሮያሊቲ ክፍያ ሳይጠይቅ ነጋዴዎች ፈቃድ እየፈረሙ ስሙን እንዲጠቀሙበት፣ እንዲያስተዋውቁትም ማድረግ።

ለምን የጂኦግራፊ አመላካች አልተመረጠም? ፈረንሳዮች ለወይናቸው የሚጠቀሙበት ይህ ሥርዓት በስሙ የተሸጠው ምርት በእርግጥ ከዚያ ቦታ መምጣቱን የሚቆጣጠር አካል ይፈልጋል። ከአንድ ሄክታር ባነሰ ማሳ የሚያመርቱ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ባሉበት አገር ያን ቁጥጥር ማቆም ውድ ነው። ንግድ ምልክቱ ያን ሸክም አላመጣም። ዋጋውም እዚሁ ላይ ነው፦ ምልክቱ ስሙን ማን መጠቀም እንደሚችል ይወስናል እንጂ ጆንያው ውስጥ ያለው ቡና የት እንደበቀለ አያረጋግጥም። የፈቃድ ውል ይዞ የተሳሳተ ቡና መሸጥ ይቻላል። ገዥው ይህን ስለሚያውቅ «ይርጋጨፌ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አያሳምነውም። ስሞቹም ሰፊ ናቸው። የድሮው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሲዳማን፣ ጌዴኦን፣ ጉጂንና ቦረናን አቅፎ የነበረ ስለሆነ የጉጂ ቡና ለብዙ ዓመት በሲዳሞ ስም ተሸጧል። ዛሬ ጉጂ በራሱ ስም ዋጋ ያወጣል።

ስለዚህ ታሪኩ ከአካባቢ ስም ወደ ዕጣው መውረድ አለበት። ዕጣው ደግሞ በሒሳብ የሚፈተሽ ነገር ነው። ለማስረዳት አንድ ዕጣ እንያዝ። ማህበሩ ከአንድ መሠረታዊ ማህበር የታጠበ ቡና ሃያ ጆንያ ገዛ፤ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ስለሆነ 1,200 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት በግምት ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከዚህ ዕጣ ጀርባ 7,200 ኪሎ እሸት አለ። አንድ ገበሬ በአንድ ጊዜ 60 ኪሎ አምጥቶ አስረክቧል ብንል፣ 120 ርክክብ ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር አንድ ነገር ወዲያው ይታያል፦ «ይህን ቡና ያመረቱት አቶ እገሌ ናቸው» የሚለው ታሪክ ለታጠበ ቡና ብዙ ጊዜ እውነት ሊሆን አይችልም። እሸቱ ማጠቢያው ላይ ይቀላቀላል። ትክክለኛው አባባል «የዚህ ማጠቢያ ጣቢያ አባላት» ነው። የፎቶግራፉ ገበሬ ካለ ከአባላቱ አንዱ መሆኑ ይጻፍ።

አሁን ወደ ታች እንቁጠር። ቡና ሲቆላ ውኃውንና ሌላም ነገር ይለቃል፤ እንደ አቆላሉ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መካከለኛ አቆላል 16 በመቶ ወሰደ ብንል 1,200 ኪሎው 1,008 ኪሎ ይሆናል። በ250 ግራም ከረጢት ሲታሸግ 4,032 ከረጢት ነው። ማህበሩ ከዚህ ዕጣ ቁጥር 6,000 ከረጢት ሸጦ ከተገኘ ሌላ ቡና ገብቶበታል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ጥንቁቅ ገዥ ይህን ሒሳብ ራሱ ይሠራዋል፤ የግዥ ደረሰኙን፣ የመቁያ መዝገቡንና የሽያጭ ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያል። ስለዚህ ማህበሩ መያዝ ያለበት ቀላል መዝገብ ነው፦ በየቀኑ ስንት ኪሎ ጥሬ ገባ፣ ስንት ኪሎ ተቆልቶ ወጣ፣ ከየትኛው ዕጣ። አንዱ ዙር 16 በመቶ ቀንሶ ሌላው 11 በመቶ ብቻ ከቀነሰ ሚዛኑ ተሳስቷል፣ ፍሬው በደንብ አልተቆላም፣ ወይም አንድ ሰው ከሌላ ጆንያ ጨምሮበታል።

መቀላቀል ሁልጊዜ በተንኮል አይመጣም። የመቁያው ከበሮና ማቀዝቀዣው ሳህን ውስጥ ካለፈው ዙር የቀረ ፍሬ አለ። ጆንያ በመርካቶ ተመልሶ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ትናንት ሐረር የተጫነበት ጆንያ ዛሬ ሌላ ቡና ሲይዝ የድሮ ጽሑፉ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ስፌቱ ውስጥም ጥቂት ፍሬ ይደበቃል። ዕጣ ሲቀየር ማሽኑን መጥረግ፣ የመጀመሪያውንም ጥቂት ኪሎ ለብቻ ማስቀረት ዋጋው ትንሽ ነው።

ሽታም አለ። ጥሬ ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ይጠጣል። መርካቶ ውስጥ መጋዘን የተከራየ ሰው ጎረቤቱን መምረጥ አይችልም፤ በአንድ በኩል ቅመም፣ በሌላው ሳሙና፣ ከኋላ ናፍጣ ሊኖር ይችላል። በርበሬ በረንዳን አቋርጦ ያለፈ ሰው አየሩ ጉሮሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እዚያ አቅራቢያ ለሳምንታት የተቀመጠ ጆንያ ቀማሹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ «ባዕድ ሽታ» ተብሎ ይመዘገባል፤ አጠባው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አያድነውም። ቡናው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ተራርቆ ይቀመጣል፤ እርጥበቱም ይለካል። ለውጭ የሚላክ የኢትዮጵያ ቡና እርጥበት ከ11.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ክረምቱን መርካቶ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያሳለፈ ጆንያ ሲገዛ የነበረውን ቁጥር ይዞ አይቆይም፤ ስለዚህ ማህበሩ የሚጽፈው ሲገዛ የተለካውን ሳይሆን ከመቁላቱ በፊት ራሱ የለካውን ነው።

ወደ አውሮፓ ለሚልክ ደግሞ አሁን አንድ አዲስ ጥያቄ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ደንን ስለመጠበቅ ያወጣው ሕግ ቡናን ይመለከታል፤ የተቆላውንም ጭምር። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እዚያ ገበያ መግባት የለበትም። ገዥው ቡናው የበቀለበትን የእያንዳንዱን ማሳ የካርታ ነጥብ ይጠይቃል፤ ማሳው ከአራት ሄክታር ከበለጠ ዙሪያውን መሳል ያስፈልጋል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል፤ ገዥዎቹ ግን ቀድመው መጠየቅ ጀምረዋል። የቆዮቹ ማህበር ማሳ የለውም፤ መረጃውን የሚያገኘው ከዩኒየኑ ነው። ስለዚህ ግዥው ከመፈረሙ በፊት «የአባሎቻችሁ የማሳ ነጥብ ተወስዷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ካልተወሰደ ያ ዕጣ ለሌላ ገበያ ይሁን።

አሁን ገጹን እንጻፍ። የተለመደው አጻጻፍ እንዲህ ይላል፦ «ከቡና መገኛ ምድር፣ በአፍሪካ ትልቁ ገበያ መሐል፣ ከትውልድ ትውልድ በተላለፈ ጥበብ፣ በፍቅር የተቆላ ንጹሕ የይርጋጨፌ ቡና።» ይህን ካነበበ በኋላ ገዥው የሚያውቀው አዲስ ነገር የለም። «የአፍሪካ ትልቁ ገበያ» የሚለውን ደግሞ ማን ለክቶት ነው? ቡናውስ ለዚህ ምን አገባው?

በምትኩ ይህን እንሞክር። ቁጥሮቹ ከላይ የያዝነው ምሳሌ ናቸው፤ ቦታው ኮንጋ ነው እንበል፦

«ይህ ቡና ይርጋጨፌ ወረዳ፣ ኮንጋ ታጠበ። እሸቱን ያስረከቡት የመሠረታዊ ማህበሩ አባል ገበሬዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሄክታር በታች፣ በእንሰትና በጥላ ዛፍ ሥር ያመርታሉ። የገዛነው ከይርጋጨፌ ዩኒየን ነው፤ ሃያ ጆንያ፣ አንድ ዕጣ። የቆላነውና ያሸግነው አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። ከዚህ ዕጣ የሚወጣው 4,032 ከረጢት ነው፤ ሲያልቅ ያልቃል። የዕጣው ቁጥርና የተቆላበት ቀን ከረጢቱ ጀርባ ላይ አለ። የማሳ ነጥቦቹንና የመቁያ መዝገቡን ለጠየቀን ገዥ እንልካለን።»

ይህ ገጽ ከመጀመሪያው ይልቅ ደረቅ ነው፤ ልክ ነው። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሊጠየቅበት የሚችል ሰው አለው። መርካቶም ቦታውን ይዟል፦ ቡናው የተቆላበት ቦታ ሆኖ እንጂ የበቀለበት መስሎ አይደለም። ከፈለጉ ከዚህ በኋላ ስለ ራሳቸው አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ ስንት አባል እንዳላቸው፣ ማሽኑ በአንድ ዙር ስንት ኪሎ እንደሚቆላ፣ ከሽያጩ ለአባላት የሚከፋፈለው እንዴት እንደሚወሰን። የኅብረት ሥራ ማህበር መሆናቸውን የሚያሳየው ይሄ ነው። «አብረን እንሠራለን» የሚለው ለማንም ይሆናል።

ጣዕሙን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «የጃስሚንና የሎሚ ሽታ» የሚለው የይርጋጨፌ መግለጫ ሁሉም ከረጢት ላይ ስላለ ገዥው አያነበውም። የራስን ዕጣ ቀምሶ ያገኙትን መጻፍ ይሻላል፤ ያ ሎሚ ባይሆን እንኳን። በኃይል የተቆላ ቡና ከሆነ ደግሞ የአበባ ሽታው አብሮ ተቃጥሏል፤ መለያው ላይ ማስቀመጡ ቅሬታ መጥራት ነው።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል፤ ቀኑ። ጥሬ ቡና በአግባቡ ከተያዘ ለወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን ከሳምንታት በኋላ መዓዛው ይደክማል። ከረጢቱ አየር ወደ ውጭ ብቻ የሚያስወጣ ቫልቭ ኖሮት በደንብ ቢታሸግ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። በኮንቴነር ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ጠብቆ፣ ባህር ተሻግሮ፣ ጉምሩክ አልፎ መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ ብዙ ሳምንታት ይሄዳሉ። በአውሮፕላን ቢላክ ኪሎው ላይ የሚጨምረው ወጪ ትርፉን ሊበላው ይችላል። ስለዚህ የአውሮፓና የአሜሪካ ቆዮች ጥሬውን ገዝተው እዚያው መቁላታቸው ከስግብግብነት ብቻ የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሚቆላ ማህበር ከነሱ ጋር በትኩስነት መወዳደር ያስቸግረዋል፤ ሊሸጥ የሚችለው የቁላቱ ገቢ እዚሁ መቅረቱንና ዕጣውን እስከ ማጠቢያው ድረስ ማሳየት መቻሉን ለሚፈልግ ገዥ ነው። እንዲህ ያለው ገዥ ብዙ ጊዜ በትንሹ ያዛል፤ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ከረጢት፣ በአየር። ትእዛዙ ሲመጣ ብቻ መቁላት፣ የተቆላበትንም ቀን በግልጽ ማተም ይቻላል። «ከዚህ ቀን በፊት ይጠጡ» የሚለውን ብቻ አትሞ የቁላቱን ቀን የደበቀ ከረጢት ገዥው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የተደበቀውን ቀን ነው።

ዕጣው ሲያልቅስ? 4,032ኛው ከረጢት ከተሸጠ በኋላ ገዥው ያንኑ ቡና እንደገና ቢያዝ፣ ማህበሩ ከሌላ ማጠቢያ ጣቢያ የመጣ ቡና በድሮው መለያ መላክ አይችልም። አዲስ መለያ ይታተማል፤ ለዚህም ነው የዕጣው መረጃ ከረጢቱ ላይ በቀጥታ ከመታተም ይልቅ በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ላይ ቢሆን የሚሻለው። ከረጢቱ አንድ ሆኖ ይቆያል፤ ወረቀቱ በየዕጣው ይቀየራል። ማተሚያውም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው መርካቶ ይገኛል።